ነጥቡ ለምን ይሰጥ? ክፍልፋይን በካርቶን ጨዋታ ማስተማር

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በተካሄደ አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና ላይ ለ13 ዓመት ልጆች አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። 12/13 እና 7/8 ሲደመሩ ውጤቱ ለየትኛው ቁጥር ይቀርባል? ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። ጥያቄው ስሌት አይፈልግም። ሁለቱም ክፍልፋዮች አንድ ሙሉ ለመሆን የቀራቸው ጥቂት ስለሆነ ድምራቸው 2 ገደማ ነው። 2ን የመረጡት ግን ከመቶ 24 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ የሚበልጡት 19ን ወይም 21ን መረጡ። 19 የላዕሎቹ ድምር ነው፤ 21 ደግሞ የታህቶቹ።

እነዚህ ልጆች ያዩት ሁለት መጠኖችን ሳይሆን አራት ተራ ቁጥሮችን ነው። የእኛም አራተኛ ክፍል ተማሪ ከ1/8 እና ከ1/4 የቱ እንደሚበልጥ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ "1/8" ይላል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም "8 ከ4 ስለሚበልጥ" ብሎ ይመልሳል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። እስከዚያች ቀን ድረስ 8 ከ4 እንደሚበልጥ ተምሯል፣ ልክም ነበር። አሁን የሚያስፈልገው ስምንተኛና ሩብ ምን ያህል እንደሆኑ በእጁ ይዞ፣ አጋጥሞ፣ ደጋግሞ ማየት ነው። ለዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ የካርቶን ጨዋታ በጣም ያግዛል። በዓለም ላይ በተለያየ መልክ የሚጫወቱት ነው፤ እዚህ የማቀርበው በቆርኪ የሚሠራውን ነው።

24 ሳንቲሜትር በ24 ሳንቲሜትር የሆነ ካርቶን ለሁለት ልጆች ይበቃል። 3 ሳንቲሜትር ስፋት ባላቸው ስምንት ዘንጎች ይቆረጣል፤ ለአንድ ልጅ አራት አራት ይደርሳል። አንዱ ዘንግ ሳይቆረጥ ይቀመጣል፤ የልጁ ሰሌዳ እሱ ነው፣ "ሙሉ" ይባላል። ሁለተኛው ቀይ ተቀብቶ ለሁለት ግማሽ ይቆረጣል፣ እያንዳንዱ 12 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሦስተኛው ሰማያዊ ተቀብቶ ለአራት ሩብ፣ 6 ሳንቲሜትር ሳንቲሜትር እየሆነ ይቆረጣል። አራተኛው አረንጓዴ ሆኖ ለስምንት ይከፈላል፣ 3 ሳንቲሜትር ሳንቲሜትር። በየቁራጩ ላይ 1/2፣ 1/4 ወይም 1/8 ይጻፋል።

24 የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 እና ለ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ሁሉም ቁራጭ በማስመሪያ ላይ ድፍን ሳንቲሜትር ላይ ያርፋል። በዓይን ግምት ወይም በማጠፍ መቁረጥ አይመከርም። እያንዳንዱ ስምንተኛ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢያጥር ስምንቱ ሲደረደሩ ወደ አንድ ሳንቲሜትር የሚጠጋ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ልጁም ስምንት ስምንተኛ ሙሉ እንደማይሞላ ይማራል። ስለዚህ ከመጫወት በፊት የእያንዳንዱን ቀለም ቁራጮች በሙሉው ላይ ደርድሮ ማየት ያስፈልጋል። ቆረጣውን ልጆቹ ራሳቸው ቢሠሩት ደግሞ ይመረጣል፤ ሁሉም ቁራጭ ከአንድ ዓይነት ዘንግ መውጣቱን ያዩታል።

በዳይስ ፋንታ ስድስት ቆርኪ ይዘጋጃል። በአንዱ ውስጥ 1/2፣ በሁለቱ 1/4፣ በሦስቱ 1/8 የተጻፈ ወረቀት ይለጠፍና ሁሉም ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። ተረኛው ሳያይ አንድ ያወጣል፣ ያነባል፣ ይመልሳል። ስምንተኛው የበዛው ጨዋታው እንዲቆይ ነው። ግማሽ ቢበዛ ልጁ ሁለቴ አውጥቶ ሙሉውን ይሞላና ምንም ሳይደምር ያሸንፋል።

የመጀመሪያው ጨዋታ "ሙላ" ይባል። ተረኛው ያወጣውን ያህል ቁራጭ ሙሉው ላይ ያስቀምጣል፤ እስካሁን የሞላውንም በአንድ ክፍልፋይ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሙሉው በልኩ መሞላት አለበት። የወጣው ከቀረው ቦታ ከበለጠ ተራው ያልፋል።

ዋናው ጉዳይ ግን ነጥቡ ነው። ብዙ መምህራንና ወላጆች ሰሌዳውን አሳምረው ይሠሩና ነጥቡን ቀድሞ ለጨረሰ ብቻ ይሰጣሉ። ቀድሞ መጨረስ ደግሞ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ቆርኪው ያወጣው ነው። እንዲህ ሲሆን ልጁ ቁራጭ ከማስቀመጥ በቀር የሚያስብበት ምክንያት የለውም፤ ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ ስለ ክፍልፋይ ያወቀው ነገር ላይኖር ይችላል። ኤሊዳ ላስኪ እና ሮበርት ሲግለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ይህንን በተራ ቁጥር አሳይቷል። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች እስከ 100 በተጻፈበት አንድ ዓይነት ሰሌዳ ላይ ተጫወቱ። አንዳንዶቹ ከቆሙበት ቁጥር እየቀጠሉ፣ ለምሳሌ 47 ላይ ያለው "48፣ 49" እያለ ሲራመድ፣ ሌሎቹ ግን "1፣ 2" እያሉ ተራመዱ። ስለ ቁጥሮች መጠን የተሻለ የተማሩት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ሰሌዳው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ልጁ ሲጫወት እንዲያደርግ የተጠየቀው ነገር ነው።

ስለዚህ ነጥቡ እንዲህ ይከፋፈል። ቀድሞ የሞላ 2 ነጥብ ያገኛል። ሁለት ትናንሽ ቁራጮችን በእኩል ትልቅ ቁራጭ የመነዘረና እኩልነቱን የተናገረ 1 ነጥብ ያገኛል፤ በአንድ ተራ አንድ ምንዛሪ ብቻ ይፈቀዳል። ተጫዋች ድምሩን ቢሳሳት ሌላው "አሳየኝ" ብሎ ያስቆመዋል፤ ትክክለኛውን በቁራጭ አስደግፎ ካሳየ 1 ነጥብ የእሱ ነው። ዙሩ ሲያልቅ ያልሞላው ልጅ ስንት እንደቀረው በትክክል ከተናገረ እሱም 1 ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው እስከ 10 ነጥብ ይቀጥላል። ዕድል የራቀው ልጅም በማሰብ ሊያሸንፍ ይችላል።

አንድ ዙር እንከተል። አምስተኛ ክፍል ያለች እህትና አራተኛ ክፍል ያለ ታናሽ ወንድሟ ተቀምጠዋል። እህት ሩብ አወጣች፣ አስቀመጠች። ወንድም ስምንተኛ አወጣ። እህት ቀጥላ ግማሽ አገኘችና "ሦስት አራተኛ" አለች። ወንድም ሩብ አወጣ፤ ከስምንተኛው አጠገብ አስቀመጠና "ሁለት አሥራ ሁለተኛ" አለ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ነው። እህት "አሳየኝ" አለች። አሁን ልጁ በደብተር ላይ የማያገኘውን ነገር ፊቱ ላይ ያያል። ሁለት አሥራ ሁለተኛ ማለት ሙሉውን 12 ቦታ ከፍሎ ሁለቱን መውሰድ ነው፤ በዚህ ዘንግ ላይ 4 ሳንቲሜትር ይሆናል። አሁን ያስቀመጠው ሩብ ብቻውን 6 ሳንቲሜትር ነው። ጨምሮበት ሊያንስ አይችልም። እህት በሩቡ ላይ ሁለት አረንጓዴ ቁራጮች ደረበች፤ ልክ ገጠሙ። ሁለት ስምንተኛና አንድ ስምንተኛ፣ ሦስት ስምንተኛ። ነጥቡን ወሰደች።

ቀጥሎ እህት ግማሽ አወጣች፤ የቀራት ሩብ ብቻ ስለሆነ ተራዋ አለፈ። ወንድም ግማሽ አገኘ። አሁን ግን ከመናገሩ በፊት አረንጓዴዎቹን በግማሹ ላይ ደርድሮ አራት ቆጠረና "ሰባት ስምንተኛ" አለ። እህት ስምንተኛ፣ ወንድም የማይገባ ሩብ፣ እህት እንደገና ስምንተኛ። ሞላች። ሁለቱን ስምንተኛ በሩብ መንዝራ ምንዛሪውንም ተናገረች። ወንድም "የቀረኝ አንድ ስምንተኛ ነው" ብሎ 1 ነጥብ አገኘ። እህት 4፣ ወንድም 1።

ምንዛሪ ነጥብ ማስገኘቱን ያወቁ ልጆች አንድ ቀዳዳ በፍጥነት ያገኛሉ። ሁለት ስምንተኛ በሩብ፣ ቀጥሎ ያንኑ ሩብ በሁለት ስምንተኛ እየቀየሩ ነጥብ ያጠራቅማሉ። ስለዚህ በ"ሙላ" ምንዛሪ ከትንሽ ወደ ትልቅ ብቻ ይሁን።

ተቃራኒው የሚፈቀደው በሁለተኛው ጨዋታ፣ በ"አራግፍ" ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሙሉውን በሁለት ግማሽ ሸፍኖ ይጀምራልና በቆርኪው የወጣውን ያህል እያነሳ ቀድሞ ባዶ ለማድረግ ይሞክራል፤ የቀረውንም ይናገራል። በመጀመሪያው ተራ ስምንተኛ የወጣለት ልጅ ሰሌዳው ላይ የሚያነሳው ስምንተኛ የለውም። ታክሲ ውስጥ መቶ ብር ብቻ ይዞ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ሁኔታ ነው። ግማሹን በሩብና በሁለት ስምንተኛ፣ ወይም በአራት ስምንተኛ መመንዘር ይኖርበታል። በ"ሙላ" ምንዛሪ በውዴታ ነበር፤ እዚህ ግዴታ ሆኖ ይመጣል። መቀነስ የሚያስቸግራቸው ልጆች ብዙ የሚማሩት ከዚህኛው ስለሆነ ቶሎ ባይታለፍ ጥሩ ነው።

ሲሶ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ዘንጎች ለሦስት (8 ሳንቲሜትር)፣ ለስድስት (4 ሳንቲሜትር) እና ለአሥራ ሁለት (2 ሳንቲሜትር) ይቆረጣሉ። ግማሽና ሲሶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ ድምሩን የሚጠራበት ስም ያጣል። ሁለቱንም በልክ የሚሸፍን አንድ ዓይነት ቁራጭ መፈለግ ይጀምራል፤ ስድስተኛው ግማሹን በሦስት፣ ሲሶውን በሁለት ሲሸፍን ያገኘዋል። አምስት ስድስተኛ። መምህሩ በኋላ ሰሌዳ ላይ ታህቱን እኩል ማድረግ ብሎ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሲሶ ሲገባ ግን አረንጓዴው ስምንተኛ ከጨዋታው ይውጣ። ስምንተኛና ሲሶ ሲደመሩ 11/24 ይሆናሉ፤ 24ኛ የሚባል ቁራጭ ስላልቆረጥን ሁለቱንም በልክ የሚሸፍን አንድ ዓይነት ቁራጭ አይገኝም፣ ልጁም ድምሩን በቁራጭ ማሳየት አይችልም።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት ልጆች በአንድ ዴስክ ከተቀመጡ ሁለቱ ይጫወቱ፣ ሦስተኛው ዳኛ ይሁን። ዳኛው ነጥብ ብቻ አይያዝ፤ የተነገረውን ሁሉ በደብተሩ 1/8 + 1/4 = 3/8 እያለ ይጻፍ። ከቁራጭ ወደ ጽሑፍ የሚያሻግረው ይህ ሥራ ስለሆነ በየዙሩ ይፈራረቁበት። መምህሩም የሦስት ሰው ክርክር ሳይሰማ ቢያልፍ እንኳ ማን የት እንደተሳሳተ ከዳኛው ደብተር ያነባል።

ጨዋታው የማይደርስበትም አለ። ከሙሉ የሚበልጥ ክፍልፋይ፣ ለምሳሌ 5/4፣ ሁለት ዘንግ ካልተቀጠለ አይታይም። ሙሉው ሁልጊዜ 24 ሳንቲሜትር ስለሆነም ልጁ ሩብ ማለት 6 ሳንቲሜትር ነው ብሎ ሊይዝ ይችላል። ለዚህ አንድ ቀን 48 ሳንቲሜትር የሆነ ዘንግ አምጥቶ ሩቡን ማስቆረጥ ነው። 12 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ከትንሹ ዘንግ ግማሽ ጋር እኩል። ክርክር ይነሳል፤ ይከራከሩ። ቀለሙም እንዲሁ ያታልላል። "ሁለት አረንጓዴ አንድ ሰማያዊ" ብሎ የሚመነዝር ልጅ ስለ ስምንተኛ ምንም ላያውቅ ይችላል። ይህን ለማወቅ ቁራጮቹን ሁሉ ገልብጦ፣ ቀለምም ጽሑፍም በሌለው በካርቶኑ ጀርባ በኩል አንድ ዙር ማጫወት ነው። ዝም ካለ ወደ "ሙላ" ይመለሱ፤ ቁራጩን አንስቶ ከሙሉው ጋር እየለካ ስሙን ከተናገረ ግን ሲሶውን መቁረጥ ይቻላል።