ቀሪውን የሚያገላብጠው መርማሪ

አንድ ጽሑፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መጻፍ አለመጻፉን የሚመረምሩ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አይደሉም። አንደኛው ወገን መዳቢ ነው። የሰውና የማሽን ጽሑፍ በብዛት እያሳዩ ያሠለጥኑታል፤ አዲስ ጽሑፍ ሲሰጡት አጻጻፉ ወደየትኛው እንደሚያደላ ይገምታል። ሁለተኛው አይገምትም፤ ይፈልጋል። እኔ የማደላው ለዚህ ብዙም ላልተወራለት ነው።

የመዳቢውን መቶኛ እንደ ማስረጃ ይዘው ተማሪ የሚከሱ መምህራን ግን ያናድዱኛል። ኦፕን ኤአይ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የራሱን መዳቢ ሲያወጣ፣ በእንግሊዝኛ ፈተናው ከማሽን ጽሑፎች የያዘው 26 በመቶውን ብቻ እንደሆነ፣ ከሰው ጽሑፎች ደግሞ 9 በመቶውን በስህተት እንደወነጀለ ራሱ ተናግሯል። እስቲ እናስላው። ከ100 ድርሰቶች 20ዎቹ የማሽን ቢሆኑ 5 ያህሉ ይያዛሉ፤ ከቀሩት 80 ግን 7 ያህሉ ያለ ጥፋታቸው ይወነጀላሉ። ከተጠረጠሩት 12 የሚበዙት ንጹሓን ናቸው ማለት ነው። ኩባንያው መዳቢውን በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አነሳው። ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ እጅግ ደካማ እንደሆነም ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ አማርኛ የሚያስመረምር ሰው ይህን ልብ ይበል።

ፈላጊው አሠራሩ እንደ ደረሰኝ ጥራዝ ነው፤ በራሪው ለደንበኛው ይሄዳል፣ ቀሪው ጥራዙ ላይ ይቆያል። የሞዴሉ ባለቤት ለተጠቃሚ የሰጠውን መልስ ሁሉ ያስቀምጣል። አጠራጣሪ ጽሑፍ ሲመጣ ትርጉሙ ወደ ቁጥሮች ይለወጥና ከተቀመጡት ሁሉ የሚቀርበው ይፈለጋል፤ ተመሳሳይነቱ ከተወሰነው ወለል ካለፈ ተያዘ። ተማሪው ቃላቱን ቢቀያይር፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ቢያገለባብጥ መዳቢው ሊሸወድ ይችላል፤ ሐሳቡ ግን ያው ስለሆነ ፈላጊው ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲና የጉግል ተመራማሪዎች 15 ሚሊዮን መልሶች ባሉበት ክምችት ሞክረውት፣ ሆን ተብሎ ቃላቸው ከተለወጠ ጽሑፎች ከ80 እስከ 97 በመቶ ያዘ፤ በስህተት የተወነጀለው የሰው ጽሑፍ 1 በመቶ ነበር።

እንከኑም ከዚያው ከጥራዙ ይመነጫል። የሌላ ኩባንያን ሞዴል ወይም አንድ ሰው በራሱ ኮምፒውተር የሚያሠራውን ክፍት ሞዴል አያውቅም። የሰዎችን የግል ጥያቄ መልስ ማከማቸቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አጭር መልስ ላይ ደግሞ አይሆንም፤ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ አዲስ አበባ ናት የሚል ዓረፍተ ነገር ከማን ጽሑፍ ጋር አይመሳሰልም?

ከሁሉም የሚከፋው ግን የሚከተለው ነው። አንዲት ጋዜጠኛ የራሷን ጽሑፍ ሥርዓተ ነጥቡን ብቻ እንዲያርም ለሞዴሉ ሰጠች እንበል። ታርሞ የተመለሰላት ጽሑፍ እንደ ሞዴሉ መልስ ይመዘገባል። በማግስቱ ሲመረመር የራሷ ሥራ የማሽን ተብሎ ይወጣል። ተንኮለኛም የሌላ ሰው ጽሑፍ ለሞዴሉ ሰጥቶ እንዲደግመው በማዘዝ ባለቤቱን ሊያስወነጅል ይችላል። መልሱ የተመዘገበበት ቀን ጋዜጠኛዋን የሚያድናት፣ ጽሑፏ ከዚያ በፊት የታተመ ከሆነ ብቻ ነው።