ግለ ወሲብ ቴስቶስትሮን ይቀንሳል? ስንፈተ ወሲብስ ያመጣል? «ሰባት ቀን ታገስ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ማንም ሰው በስሙ ኮሜንት ላይ የማይጽፈው አንድ አለ። «ግለ ወሲብ አበዛለሁ፣ ወንድነቴ ሊያልቅ ነው?» የሚል። አንዳንዱ ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ይጽፍልናል። ሌላው ጂም ውስጥ «ሆርሞንህን እያፈሰስከው ነው» ተብሎ መርፌ ለመግዛት ሲያስብ ይጽፋል። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ እናውራው። ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውን ለንስሐ አባትና ለኡስታዝ እንተወዋለን። እኛ የምናየው ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን ብቻ ነው።

በብዛት ከሚዞረው እንጀምር። «ሰባት ቀን ከታገስክ ቴስቶስትሮንህ በ45 በመቶ ይጨምራል» ይባላል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ቻይና ውስጥ የወጣ ጥናት 28 ወንዶች ዘር ካፈሰሱ በኋላ እንዲታገሱ አድርጎ የደማቸውን ቴስቶስትሮን በየቀኑ ለካ። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ለውጡ ኢምንት ነበር። በሰባተኛው ቀን ግን መነሻው 100 ቢሆን 145.7 ላይ ደረሰ።

ወሬው እዚህ ጋ ይቆማል፤ ጥናቱ ግን አልቆመም። ከሰባተኛው ቀን በኋላ ሰዎቹ መታገሳቸውን ቢቀጥሉም ጭማሪው አልቀጠለም። አንድ ቀን ብቅ ብሎ የጠፋ ነገር ነው ማለት ነው። «90 ቀን ታግሼ ሌላ ሰው ሆንኩ» ለሚለው ቪዲዮ ይሄ ጥናት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ መጽሔቱ ጽሑፉን ከዓመታት በኋላ ሰርዞታል። ይህንን የሚነግራችሁ ቲክቶከር ግን እኛ እስካሁን አላየንም።

እሺ፣ ቁጥሩ እውነት ነው ብለን እንኳን እንውሰደው። የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ቴስቶስትሮን በግምት ከ300 እስከ 1000 ናኖግራም በዴሲሊትር ባለው ክልል ውስጥ ነው። የእናንተ 500 ቢሆን በሰባተኛው ቀን 730 ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ጤነኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ለአንድ ቀን 730 መሆን ደግሞ ጡንቻም ጢምም አያበቅልም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ። አሥር ወንዶች ሦስት ሳምንት ከመታገሳቸው በፊትና በኋላ ተለኩ። ከታገሱ በኋላ ቴስቶስትሮናቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህንን መደበቅ አንፈልግም። ግን እርካታው ራሱ፣ ማለትም ግለ ወሲቡ፣ ቴስቶስትሮናቸውን አላወረደውም። አሥር ሰው ደግሞ በጣም ትንሽ ቁጥር ነው።

ለምን አላወረደውም? ብዙዎቻችን ቴስቶስትሮን በዘር ፈሳሽ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚወጣ ይመስለናል። ከጋን ውሃ እንደመቅዳት ነው የምናስበው። ግን እንደዛ አይደለም። የዘር ፈሳሹን አብዛኛውን ክፍል የሚያመርቱት ፕሮስቴትና ከጎኑ ያሉ እጢዎች ናቸው። ቴስቶስትሮን የሚመረተው ቆለጥ ውስጥ ሲሆን የሚሄደው ወደ ደም ነው። መጠኑን የሚቆጣጠረው አንጎል ነው፤ ሲያንስ «ጨምር» የሚል መልእክት ይልካል፣ ሲበዛ ያቀዘቅዛል። ስንት ጊዜ ዘር እንደፈሰሰ የሚቆጥር ነገር እዚህ ሰንሰለት ውስጥ የለም። (ፍርሃቱ ራሱ አዲስ አይደለም። ቲሶ የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1760 ገደማ ዘር ማፍሰስ ዓይንንም አእምሮንም ያደክማል ብሎ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ያኔ ሆርሞን የሚባል ነገር እንኳን አይታወቅም።)

ቴስቶስትሮናችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ እንቅልፋችሁን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሥር ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ አደረጓቸው። የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ይሄም ጥናት ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ሌሊቱን ስልክ ላይ አድሮ ጠዋት ስለ ሆርሞኑ የሚጨነቅ ሰው ሊያስብበት ይገባል።

አሁን ወደ ብልት መቆም እንምጣ። ብልት የሚቆመው ነርቭ መልእክት ሲልክ፣ ደም ሥሮች ሲላሉና ደም ሲሞላው ነው። ግለ ወሲብ ነርቩንም ደም ሥሩንም አይጎዳም። ከእርካታ በኋላ ወዲያው ደግሞ አለመቆሙም በሽታ አይደለም፤ ሰውነት የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ለወጣት ደቂቃዎች ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜ ሲጨምር ሰዓታት ወይም ከዚያ በላይ።

ታዲያ «እኔ ግን ከፍቅረኛዬ ጋር አልሆነልኝም» የሚለውስ? በደረሱን መልእክቶች ውስጥ የሚደጋገመውን ታሪክ እንውሰድ። የ24 ዓመት ወጣት ነው። በቀን ሁለት ሦስቴ ግለ ወሲብ ይፈጽማል። ብቻውን ሲሆን ችግር የለም፣ ጠዋትም ቆሞ ነው የሚነቃው። ከሴት ጋር ሲሆን ግን ይወድቃል።

እዚህ ጋ ቁልፉ ጠዋት ቆሞ መነሳቱ ነው። ጤነኛ ወንድ ተኝቶ እያለ በሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ያህል ያለፈቃዱ ይቆምለታል። ያ ካለ ነርቩና ደም ሥሩ እየሠሩ የመሆናቸው ዕድል ከፍተኛ ነው። ለዚህ ልጅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭንቀት ነው። ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል፣ አድሬናሊን ደግሞ ደም ሥሩን ያጠብበዋል። «ራሴን አበላሽቻለሁ» ብሎ ማመኑ ራሱ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ወሬው እውነት ሳይሆን እውነት የሚመስለው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ነው። በጣም አጥብቆ በመጨበጥ ወይም በአንድ ዓይነት ፍጥነት ብቻ የለመደ ሰው፣ ከሴት ጋር የሚሰማው ስሜት ሊያንሰው ይችላል። ይህ ዘላቂ ጉዳት አይደለም፤ ሐኪሞች ለጥቂት ሳምንታት መቀነስንና አያያዝን ማላላትን ይመክራሉ። ከልክ በላይ ሲሆን ቆዳ ሊላጥና ሊያብጥም ይችላል፣ ያም ሲያርፉ ይድናል። ስለ ፖርን ግን ጥናቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ማንም «ተረጋግጧል» ቢላችሁ በሁለቱም ወገን አትመኑት።

ጠዋትም፣ ብቻችሁን ስትሆኑም መቆም ካቆመ፣ ያም ሦስት ወር ገደማ ከቆየ ነገሩ ይለያል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ይጠረጠራሉ። የብልት ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ይቀጥናል፤ ስለዚህ የልብ ችግር ከመታየቱ ከዓመታት በፊት እዚህ ሊታይ ይችላል። ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

የቴስቶስትሮን ምርመራ ካዘዙላችሁ ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት፣ ምግብ ሳትበሉ ስጡ። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት ስለሚወርድ፣ ከሰዓት የተሰጠ ደም ያለምክንያት ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ዝቅ ካለም በሌላ ቀን ይደገማል፤ በአንድ ወረቀት ብቻ አይፈረድም።

መርፌ ልትገዛ ላሰብከው ወንድማችን ደግሞ አንድ ነገር እንንገርህ። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን ሲበዛ አንጎልህ «በቃ፣ አለ» ብሎ ለቆለጥህ የሚልከውን መልእክት ያቆማል። ቆለጥህ ይሟሽሻል፣ የዘር ፍሬህ ቁጥር ዜሮ ድረስ ሊወርድ ይችላል። መርፌውን ስታቆም ለመመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሠርግህ ሁለት ወር ነው የቀረው።