እንቁላሉን ሸጦ ሽምብራ መግዛት ያዋጣል?

በመራዊ ገበያ ከገጠር የመጣች እናት እንቁላሏን ትሸጥና በዚያው ብር ጨው፣ በርበሬና የሽሮ እህል ገዝታ ትመለሳለች። የጤና ባለሙያው ደግሞ «እንቁላሉን ለልጆችሽ አብይ እንጂ አትሽጪ» ይላታል። እሷ የምታስበው ብሩ ምን ያህል ሰው እንደሚያጠግብ ነው፤ እሱ የሚያስበው ስለ ሕፃኑ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ምክንያቱም እያወሩ ያሉት ስለተለያየ ስሌት ነው። አንደኛው «ለአንድ ብር ስንት ፕሮቲን አገኛለሁ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሆድ በሚሞላው በዚህ ምግብ ውስጥ ስንት ፕሮቲን አለ?» ይላል፤ ይህ በካሎሪ፣ ማለትም ምግቡ በሚሰጠው የጉልበት መጠን ይሰላል። ሁለቱ ስሌቶች ሲደባለቁ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ከብሩ እንጀምር። የገበያ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ መጀመሪያ ብር የሌለበትን ማነጻጸሪያ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሽምብራ 200 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው፤ ከነቅርፊቱ 40 ግራም ቢመዝን ከአራት ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን ይገኝበታል። የፈረንጅ የሚባለው ትልቁ እንቁላል ስድስት ግራም ይደርሳል። አንድ ሊትር ወተት 33 ግራም፣ ስብና አጥንት የሌለው አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ደግሞ 210 ግራም አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ሽምብራ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ለማግኘት 45 የሐበሻ እንቁላል፣ 6 ሊትር ወተት ወይም ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቀይ ሥጋ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሽምብራን ማሞካሸት ትንሽ መቆም አለበት። የእህል ፕሮቲን እንደ እንስሳት ተዋጽኦ በሙሉ ለሰውነት አይውልም፤ ከፊሉ ሳይፈጭ ያልፋል፣ የተወሰኑ የፕሮቲን አካላትም ያንሱታል። በጥንቃቄ ለማስላት ከሽምብራው ሩቡን ቀንሰን ሦስት አራተኛውን ብቻ እንቁጠር። ያኔ አንድ ኪሎ ሽምብራ በ34 የሐበሻ እንቁላል፣ በአራት ሊትር ተኩል ወተት ወይም ከ700 ግራም ትንሽ በሚበልጥ ቀይ ሥጋ ይተካል። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ገበያ ሄዶ የ34 እንቁላሉን ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሽምብራ ዋጋ ጋር ማወዳደር ነው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የዛሬ የመራዊ ዋጋ ናቸው ማለት አይደለም። ሽምብራ በኪሎ 120 ብር፣ የሐበሻ እንቁላል አንዱ 15 ብር፣ ወተት በሊትር 80 ብር፣ ሥጋ በኪሎ 800 ብር ይሁን። አንድ መቶ ብር ይዞ የወጣ ሰው ሽምብራ ቢገዛ፣ ሩቡ ተቀንሶለትም፣ 125 ግራም ፕሮቲን ያገኛል። ወተት ቢገዛ 41፣ እንቁላል ቢገዛ 29፣ ሥጋ ቢገዛ 26 ግራም ነው። ሥጋው አጥንት ያለበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል፤ ከሚመዘነው ሩቡ አጥንት ቢሆን 20 ግራም እንኳ አይሞላም። በእነዚህ ዋጋዎች ሽምብራው ወተቱን በሦስት እጥፍ፣ እንቁላሉን በአራት እጥፍ ይበልጣል። እንቁላል ከሽምብራ እኩል እንዲያዋጣ አንዱ ከሦስት ብር ተኩል በላይ መሸጥ የለበትም።

ወደ እናቲቱ ጉዳይ ስንመለስ፣ አንድ እንቁላል ሸጣ በ15 ብሩ 125 ግራም ሽምብራ ትገዛለች። ከተሸጠው እንቁላል የወጣባት ፕሮቲን አራት ግራም ነው፤ የገባላት፣ ተቀንሶም፣ 19 ግራም ገደማ ነው። ለአዋቂዎች ምግብ ከሆነ የምታደርገው ልክ ነው፤ የሚወቅሳት ሰው ስሌቱን አልሠራውም።

የካሎሪው ስሌት ግን ሌላ ደረጃ ይሰጣል። መቶ ካሎሪ የሚሆን ቀይ ሥጋ 14 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ እንቁላል ወደ ዘጠኝ ግራም ይጠጋል። ሽምብራና ወተት ብዙ ሰው የማይገምተውን ያህል ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም አምስት ግራም ከትንሽ ናቸው። የሽምብራው ቀሪ ጉልበት ከስታርች፣ የወተቱ ከቅቤውና ከስኳሩ ይመጣል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ይህን ደረጃ ይከተል፤ ለእሱ ትርፍ ካሎሪ ጉዳት ነው። ሲያርስና ሲያጭድ ለሚውል የሜጫ ገበሬ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመቶ ብሩ ሽምብራ ውስጥ ከፕሮቲኑ ሌላ ከ3,000 ካሎሪ በላይ አለ፤ ይህ ለከባድ ሥራ ቀን ቀለብ ይሆናል። በዚያው መቶ ብር የሚገዛው ሥጋ ግን 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ጉልበት ሲያጥረው ሰውነት የበላውን ፕሮቲን ራሱን እንደ ማገዶ ያነደዋል፤ ጡንቻ መሥሪያው ሥጋ እንዲሁ ይባክናል። ስለዚህ ኪስ በጠበበበት ቤት የአዋቂ ምግብ የሚመዘነው በብር ነው።

ለዚህ አካባቢ ሽምብራ የሚስማማበት ሌላም ምክንያት አለ። የመራዊ ዙሪያ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገጠር ቀለብ በአብዛኛው በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ነው። በቆሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን አካል ያንሰዋል፤ ሽምብራ ይህን በብዛት ይዟል። ሽምብራ የሚጎድለውን ሌላውን አካል ደግሞ እህሉ ያሟላዋል። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሰው ከሩቡ ቅናሽ ላይ የተወሰነውን መልሶ ያገኛል ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሽሮው ሲቀጥን ነው። 55 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 46 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሁለት ጊዜ በልቶ 350 ግራም ዱቄት የሚሆን እንጀራ ወይም ቂጣ ከወሰደ ከዚያ 35 ግራም አካባቢ ያገኛል። የጎደለውን ለመሙላት በቀን 60 ግራም የሽምብራ ዱቄት፣ ማለትም ለአምስት አዋቂ 300 ግራም፣ ወጡ ውስጥ መግባት አለበት። ጥቂት ማንኪያ ሽሮ በብዙ ውኃና በርበሬ ተበጥብጦ ለአምስት ሰው ከቀረበ ወጡ ጣዕም እንጂ ፕሮቲን አልሆነም። ንፍሮና ቆሎ እዚህ ላይ ይረዳሉ፤ ውኃ አያቀጥናቸውም። ንፍሮ ማገዶ እንዳይፈጅ ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውኃውን ደፍቶ መቀቀል ነው፤ ሆድ መንፋቱንም ይቀንሰዋል።

የተፈጨ ሽሮ ከመግዛት ጥሬውን ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል። በተዘጋጀው ሽሮ ውስጥ በርበሬና ቅመም በሽምብራ ሂሳብ ይመዘናሉ፤ ርካሽ ከሆነ ደግሞ ጓያ ሊቀላቀልበት ይችላል። ጓያ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር እንደሚያሽመደምድ ጎጃምና ጎንደር ያሉ አዛውንት አይጠፋቸውም። ሽምብራ ምርቱ በሚገባበት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይረክሳል፤ ያኔ አጠራቅሞ የሚገዛ ሰው ጠላቱ ነቀዝ ነው። እህሉ ላይ የተለጠፉ ነጫጭ ነጥቦች የነቀዝ እንቁላል ናቸው፤ ክብ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ተበልቷል። በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ማሰር ነቀዙን አፍኖ ይገድለዋል።

ላም ያለው ቤት ስሌቱ ይሻሻልለታል። ወተት ሲናጥ ቅቤው ይወጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ከሞላ ጎደል አሬራው ውስጥ ይቀራል። ቅቤውን ሸጦ አሬራውን የሚጠጣ ወይም አይብ የሚያወጣ ቤተሰብ ብሩንም ፕሮቲኑንም ይዟል። ቅባቱ ስለወጣለትም አሬራ በካሎሪ ሲለካ ከወተቱ ይበልጣል፤ በመቶ ካሎሪ ወደ ስምንት ግራም ይጠጋል። እኔ እንደማየው በገጠር ከሚናቁት ምግቦች ሁሉ ያላግባብ የተናቀው አሬራ ነው። ወተት ከሰው የሚገዛ ግን ውኃ እንዳልገባበት ይጠንቀቅ፤ ሩቡ ውኃ ከሆነ 33ቱ ግራም ወደ 25 ይወርዳል።

የብሩ ስሌት የማይሠራለት አንድ ሰው በቤቱ አለ። እሱም ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ሕፃን ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሽሮ አይችልም፤ ስለዚህ የሚያዋጣው በትንሽ መጠን ብዙ የያዘ ምግብ ነው፤ የካሎሪው ስሌት ለእሱ ይሠራል። የአንድ ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፕሮቲን 10 ግራም ገደማ ስለሆነ አንዲት የሐበሻ እንቁላል ግማሹን ልትሸፍን ምንም አይቀራት። ከዚህም በላይ እንቁላል ቫይታሚን ኤ እና ቢ12 አለው፤ ቢ12 በሽምብራ ውስጥ ጨርሶ የለም። እንቁላል ብቻውን ተአምር ይሠራል ለማለት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 የታተመ የኢኳዶር ጥናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር የበሉ ሕፃናት በቁመት እንደተሻሻሉ አሳየ፤ በማላዊ የተደገመው ጥናት ግን የቁመት ልዩነት አላገኘም፤ የማላዊዎቹ ልጆች ግን ቀድሞም ዓሣ ይበሉ ነበር። በአማራ ክልል በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶዎቹ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጥሮ ተገኝቷል። በእነዚህ ልጆች ማዕድ ላይ ደግሞ ዓሣ ብዙም አይገኝም።

ጾምም እዚህ ላይ ይነሳል። ሕፃን አይጾምም፤ እናቶች ግን የጾም ድስት እንዳይነካካ እያሉ ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ለልጁም እንቁላል ሳያበስሉ ይቀራሉ። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ይፈታዋል። በሁዳዴ የእንቁላልና የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ ዋጋቸው የሚወርደውም ያኔ ነው።

ዶሮዎቿ በሳምንት ዐሥር እንቁላል የሚጥሉላት እናት ሰባቱን ለሕፃኑ ታስቀር፤ ሦስቱን ትሽጥና ለቀረው ቤተሰብ ሽምብራ ትግዛ። እንቁላሉ ከዐሥር ካነሰ ከሽያጩ እንጂ ከሕፃኑ ድርሻ አይቀነስ።