ከጀንበር መጥለቂያ ወደ ኋላ

አዲስ አበባና አርባ ምንጭ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ ያሰላል፤ በሰዓት 80 ከተነዳ ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። መንገዱ ግን 80 እየነዱ የሚዘልቁት አይደለም። በየከተማው ባጃጅና ጋሪ አለ፤ የገበያ ቀን ከሆነ አስፋልቱ ላይ የሚነዳ ከብት፣ አቀበት ላይ የሚያዘግም የጭነት መኪና፣ ዝናብ የቦረቦረው ጉድጓድ ይጨመርበታል። ጥንቁቅ አሽከርካሪ በዚህ መስመር አማካይ ፍጥነቱን 50፣ ከሶዶ ወዲያ ደግሞ 45 ብሎ ቢይዝ ከእውነቱ አይርቅም።

ስለዚህ ረጅም መንገድ ሲታቀድ መነሻው ኪሎ ሜትር ሳይሆን የጀንበር መጥለቂያ ነው። በአገራችን ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ድንግዝግዙም ብዙ አይቆይም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሌላ መንገድ ነው። መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልቱ ላይ የተኛ ከብት፣ የኋላ መብራቱ የጠፋ አይሱዙ፣ ረጅም መብራቱን ሳይቀንስ የሚመጣ መኪና ይገጥማል። የተበላሸ መኪና ሰዎች ለምልክት ደርድረውት ሲሄዱ ያላነሱት ድንጋይም በቀን በሩቅ ይታያል፤ በሌሊት ግን የሚታየው ሊመታ ሲል ነው። በቤተሰብ መኪና ለሚጓዝ ሰው ከጨለመ በኋላ አለመንዳት የዕቅዱ ሁሉ ምሰሶ መሆን አለበት።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች 50 ሊትር ቤንዚን በምትይዝ ኮሮላ ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳሉ። በዓለም ገና ወጥተው መልካ ቁንጥሬን አልፈው ጥያ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እግራቸውን ያፍታታሉ። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው ቡታጅራ ሲደርሱ 3 ሰዓት ይሆናል። አርባ ደቂቃ ቁርስ በልተው ይነሱና ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ 5 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ሆሳዕና ይገባሉ። ነዳጅና ምሳ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ሶዶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሃል ላይ ለአጭር ጊዜ ቢቆሙም 9 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ ፈተናው ይመጣል። ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላለች፣ አርባ ምንጭ የቀረው 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ልጆቹም ሐይቁን ለማየት ቸኩለዋል። ሲሰላ ግን ጥቂት አርፈው በ45 አማካይ ፍጥነት ቢነዱ የሚደርሱት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ያም አንድ ጎማ ሳይተነፍስ፣ አንድ ኬላ ሳያቆማቸው ነው። ሶዶ ካደሩ ደግሞ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ሦስት ሰዓት ይተርፋቸዋል። ይህ ትርፍ ለብልሽት የተቀመጠ ጊዜ ነው። ብልሽት ካልመጣ ሻወርና እራት ይሆናል፤ ከመጣም በቀን ብርሃን ይስተካከላል። እኔ ይህን ጉዞ ለማንም በሁለት ቀን ከፍሎ እንዲሄድ የምመክረው ለዚህ ነው።

የቀኑ የመንዳት ልክ ሌላም ምክንያት አለው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪና አሽከርካሪ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ ቢያንስ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ በቀን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እስከ አሥር ይፈቀድለታል። ይህ ሥራው መንዳት ለሆነ ሰው፣ በአብዛኛው በሰፊና በተሠራ መንገድ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቤት ቢሮ ሲመላለስ የኖረ ሰው በእኛ መንገድ ከሰባት ሰዓት በላይ ባይነዳ ይሻላል። የቤተሰባችን የመጀመሪያ ቀን ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው።

ዕረፍት ሲባልም ድካም ከመጣ በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም፤ በየሁለት ሰዓቱ፣ ደከመኝ ሳይሉ፣ ከመኪና ወርዶ አሥራ አምስት ደቂቃ መራመድ ነው። አሽከርካሪ ራሱን በሦስት ነገር ሊያውቅ ይችላል። ያለፈውን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዴት እንደመጣ ማስታወስ ካቃተው፣ መኪናው ወደ መንገዱ ጠርዝ ወይም ወደ መሃሉ መስመር ሲንሸራተት ዘግይቶ ካስተዋለ፣ ወይም ያለምክንያት ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ካለ አእምሮው ለሰከንዶች እያንቀላፋ ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ ይህን አያቆመውም። ጫትም እንቅልፉን ይሸፍነዋል እንጂ ድካሙን አያነሳውም፤ ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ እንቅልፉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የሚሠራው እንቅልፍ ራሱ ነው። ቡና ጠጥቶ ወዲያው ሃያ ደቂቃ ማሸለብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቡናው መሥራት የሚጀምረው ሰውየው ሊነቃ ሲል ስለሆነ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ሰውነት በተፈጥሮው የሚደክምበት ጊዜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ፣ ከምሳ በኋላ ያለው የሆሳዕናና ሶዶ መንገድ በጉዞው ሁሉ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። ቡታጅራ ድረስ ሄዶ ክትፎ አለመብላት ይከብድ ይሆናል፤ የሚነዳው ሰው ግን ቀለል ያለ ነገር ይብላ፣ ቢራውም ማታ ሶዶ ይጠብቀው።

ነዳጅን በተመለከተ መጀመሪያ የገዛ መኪናን ማወቅ ያስፈልጋል። ታንኩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ እንደገና መሙላት፣ የገባውን ሊትር በተነዳው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው። የኛ ኮሮላ አራት ሰውና ሻንጣ ጭና በአቀበት ቁልቁለት በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ትጠጣለች እንበል። ዋዜማ ማታ ከተሞላች ሆሳዕና ስትደርስ 21 ሊትር ያህል ጨርሳ 29 ይቀራታል። ገና ከግማሽ በላይ ቢሆንም መሙያው እዚያ ነው። ሆሳዕና ቤንዚን ከጠፋ 20 ሊትር ይዛ ሶዶ ትደርሳለች፤ ሌላ ዕድል አለ ማለት ነው። ሆሳዕናን ዝም ብሎ አልፎ ሶዶ ላይ ማጣት ግን አርባ ምንጭ የሚገቡት 9 ሊትር ይዘው ነው፣ ያም መልስ አያስመልስም። ጠቋሚው ግማሽ ሲያሳይ ታንኩ ባዶ ነው ብሎ ማሰብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ቀጣዩ ማደያ ወረፋው መንገድ ዘግቶ ወይም "ቤንዚን የለም" ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። ክፍያው በቴሌብርና በመሰል የስልክ መንገዶች ስለሆነ ቻርጅ ያለው ስልክና በቂ ሒሳብ በሁለት ሰው እጅ ቢኖር መልካም ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ውሃ ወይም ሌላ ነገር ሊቀላቀልበት ስለሚችል የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ቤንዚን በጀሪካን ሞልቶ ልጆች ባሉበት መኪና ውስጥ መያዝ ግን አማራጭም አይደለም።

የብልሽቱ ዕቅድ ከቤት ሳይወጡ በወረቀት ላይ የሚጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ መንገድ ወደፊትና ወደኋላ የትኛው ከተማ እንደሚቀርብ፣ እዚያ መካኒክ ማን እንደሆነ (የሠፈራችን መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው አያጣም)፣ የት እንደሚታደር ይጻፋል። ሰዓትም ይጻፋል፤ እስከ 8 ሰዓት ተኩል ከሆሳዕና ካልወጡ ሆሳዕና ያድራሉ። ይህ ሰዓት ረጋ ብለው ቤት ውስጥ የወሰኑት ስለሆነ መንገድ ላይ በችኮላ አይከራከሩበትም። ስኮርታ ጎማው ነፋስ እንዳለው ዋዜማ ይታያል፤ ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን፣ አሥር ሊትር ውሃ፣ መለዋወጫ ቺንጋ፣ ባትሪ መብራትና ለብቻው የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ይያዛል። መኪናው የያዘው ቀጭን ጊዜያዊ ስኮርታ ከሆነ እስከ ጎሚስታ ማድረሻ ብቻ ነው፤ የፍጥነት ገደቡም ጎኑ ላይ ተጽፏል።

አሁን ከሆሳዕና ወጥተው 40 ኪሎ ሜትር እንደሄዱ አቀበት ላይ የሙቀት ጌጁ መውጣት ጀመረ እንበል። ወዲያው ኤሲ ይጠፋል፣ ማሞቂያው እስከ መጨረሻ ይከፈታል፤ ከሞተሩ ላይ ትንሽ ሙቀት ይወስዳል። ከመታጠፊያ ርቆ ሜዳ ቦታ ላይ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ድርብ ፍሬቻ ማብራት፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ በሩቅ ማስቀመጥ፣ ልጆቹን ከመንገዱ በተቃራኒው በር አውርዶ ከአስፋልቱ ማራቅ ይከተላል። የራዲያተሩ ክዳን በትኩሱ አይነካም፤ ፈልቶ ፊት ይጠብሳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ በእጅ ሲነኩት እስኪበርድ ይጠበቃል። "ትንሽ ነው፣ እንድረስ" ብሎ መቀጠል የሞተሩን ቴስታታ ያጣምማል፤ በትንሽ ገንዘብ የሚያልቀው ሥራ ሞተር ወደ ማውረድ ይደርሳል።

በሚጠብቁበት ጊዜ ምክንያቱ ይፈለጋል። ከሙቀቱ ጋር የባትሪው መብራትም በርቶ ከነበረ ቺንጋው ሳይበጠስ አልቀረም፤ በብዙ መኪና ውሃ የሚገፋውና ባትሪ የሚሞላው በአንድ ቺንጋ ስለሚዞሩ ነው። ቺንጋው ደህና ሆኖ ከሥር ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ከበረደ በኋላ ሞልተው፣ ጌጁን እያዩና እየቆሙ፣ ቀስ ብለው ወደ ቅርቡ ከተማ ይነዳሉ። ቺንጋው ከተበጠሰና መለዋወጫ ከሌለ መንዳት የለም። እናትና ልጆች በመጀመሪያው ደህና ሚኒባስ ወደ ሶዶ ይሄዳሉ፤ የተያዘው ክፍል እዚያው ነው። አባት ከመኪናው ጋር ሆኖ ለሆሳዕናው መካኒክ ይደውላል፤ በቺንጋው ጀርባ የታተመውን ቁጥር አንብቦለት ልኩን ይዞ እንዲመጣ ያደርጋል። እስከ 10 ሰዓት ካልተፈታ መኪናው ከጨለማ በፊት ከመንገድ መነሳት አለበት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ በገመድ ረጅም መንገድ መጎተት ካምቢዮውን ስለሚጎዳው አይሱዙ ላይ አስጭኖ መሄድ ይበልጣል። ለዚህ ነው ጥሬ ገንዘቡ የተያዘው፤ የሦስተኛ ወገን መድን ለራስ መኪና መጫኛ አይከፍልም። ከመሄዱ በፊት ለምልክት ያስቀመጠውን ድንጋይ ሁሉ ከአስፋልቱ ያንሳ።

ቺንጋው በጊዜ ከተገጠመ አባትም 11 ሰዓት ሳይሞላ ሶዶ ይገባል። በማግስቱ የቀረው ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ከመነሳቱ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ውሃና የዘይቱን ልክ ያያል። ከሶዶ ከፍታ ወደ አባያ ሐይቅ አካባቢ ቆላ ሲወርድም ፍሬኑን ረግጦ ከመያዝ ይልቅ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዘው ያደርጋል፤ ፍሬን ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ሽታውም ቀድሞ ይታወቃል። ሲመለሱ ይኸው ቁልቁለት አቀበት ስለሚሆን ከአርባ ምንጭ የሚነሱት ታንኩን ሞልተው፣ በማለዳው ቀዝቃዛ አየር ነው።