ሠራተኛ ቢያጠፋ አሠሪ ይከፍላል? አንድ የሙከራ ፈተናና የአራሚው ሚዛን

በሕግ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢወጣ ምን ብለው ይመልሳሉ?

«አንዲት የቤት ዕቃ ነጋዴ በወር ደመወዝ የቀጠረችው ሠራተኛ አላት፤ ሥራው የተሸጠ ዕቃ በእጅ ጋሪ ገዢው ቤት ማድረስ ነው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቁምሳጥን አድርሶ ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሲመለስ፣ ለራሱ ጫማ ሊገዛ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወደ ጎረቤት ሰፈር ዞረ። ጋሪውን ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ሳያስደግፍ ትቶት በጫማው ዋጋ ሲከራከር ጋሪው ተንሸራቶ መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጥ ሴት እግር ሰበረ። ነጋዴዋ ‹በቀጥታ ተመለስ ብዬዋለሁ፤ እዚያ አልላክሁትም› ትላለች። በዚያው ቀን በራሱ መሣሪያና በራሱ አሠራር፣ በቁርጥ ዋጋ ቁምሳጥኑን የገጣጠመው አናጺ የገዢውን መስታወት ሰብሯል። አትክልት ሻጯም ገዢውም ነጋዴዋን ከሰሱ። ትጠየቃለች? (20 ነጥብ)»

ጥያቄው የሚያርፈው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ ነው። ሕጉ አንድ ሰው ራሱ ባያጠፋም ሌላው ባደረሰው ጉዳት የሚጠየቅበትን ሁኔታ ይደነግጋል። አባት ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጁ፣ አሠሪም በሠራተኛው ይጠየቃል።

የመጀመሪያው 4 ነጥብ ብዙ ተማሪ በሚዘለው ቦታ ላይ ነው። አሠሪዋ የምትጠየቀው ሠራተኛው ራሱ ተጠያቂ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ ከጋሪው መጀመር አለበት፤ ጋሪን ቁልቁለት ላይ ሳያስደግፉ መተው ጥፋት ነው፣ የሴትየዋ እግር የተሰበረውም በዚሁ ጥፋት ነው። ይህን ሳይል በቀጥታ «አሠሪ ኃላፊ ነው» ብሎ የሚጀምር ተማሪ መሠረቱን ሳይጥል ጣሪያ እንደሚያቆም ሰው ነው።

ቀጥሎ 3 ነጥብ የሚሰጠው ለቅጥሩ ግንኙነት ነው። ደመወዝ መኖሩን መጥቀስ ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን ሠራተኛው በነጋዴዋ ትእዛዝ ሥር መሆኑ ነው።

ትልቁ 8 ነጥብ በአንድ ጥያቄ ላይ ተቀምጧል፦ ጉዳቱ የደረሰው ሥራውን ሲያከናውን ነው ወይ? እዚህ ላይ አንቀጽ 2130ን መጥቀስ ብቻውን አንድ ሁለት ነጥብ ቢያስገኝ ነው። አራሚው የሚፈልገው አንቀጽ 2132ን ነው፤ ሠራተኛው በተለመደው የሥራ ቦታ ወይም በሥራ ሰዓት ጉዳት ካደረሰ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሥራውን ሲያከናውን እንዳደረሰው ይገመታል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሥራ ሰዓት ነው። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ ወደ ነጋዴዋ ይዞራል፤ አትክልት ሻጯ ሠራተኛው ለምን ወደዚያ እንደሄደ ማስረዳት አይጠበቅባትም።

ከዚያ የሁለቱም ወገን ክርክር ይመዘናል። ለነጋዴዋ፦ የጫማው ጉዳይ የግሉ ነው፤ ሰፈሩም የሥራ መንገዱ አይደለም። ለተጎጂዋ፦ ጋሪው የነጋዴዋ ነው፣ ባዶውን መመለስም የማድረሱ ሥራ አካል ነው፣ ጉዳቱንም ያደረሰው ያው የሥራ መሣሪያ ነው። «በቀጥታ ተመለስ ብዬዋለሁ» የሚለው መከላከያ ብቻውን አያድናትም፤ ትእዛዝ መጣስ ሁሉ ከሥራ መውጣት ቢሆን ኖሮ ማንኛውም አሠሪ በአንድ ማስጠንቀቂያ ከኃላፊነት ያመልጥ ነበር። «ስቀጥረው ተጠንቅቄያለሁ» ማለትም አይጠቅማትም፤ የምትጠየቀው በራሷ ጥፋት አይደለምና። እኔ ባርም ትጠየቃለች የሚለውን መልስ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን የግምቱን ሸክም አውቆ፣ ከመንገድ የወጣበትን ርቀትና ምክንያት መዝኖ አትጠየቅም የሚል ተማሪም 8ቱን ሙሉ ማግኘት ይችላል። ፍርዱን ብቻ የጻፈ ግን፣ ትክክል ቢሆንም፣ ከ2 አያልፍም።

3 ነጥብ ለውጤቱ ነው፦ ነጋዴዋ መጠየቋ ሠራተኛውን ነፃ አያወጣውም። ተጎጂዋ እሱንም መክሰስ ትችላለች፤ ነጋዴዋም ከከፈለች በኋላ ወደ እሱ ልትመለስ ትችላለች። በተግባር ተጎጂዎች አሠሪውን የሚመርጡት ደመወዝተኛው የሕክምናውን ወጪ መክፈል ስለማይችል ነው።

የአናጺው 2 ነጥብ አጭር ነው። በነጋዴዋ ሥልጣን ሥር ስላልነበረና ነፃነቱን ጠብቆ ስለሠራ በአንቀጽ 2134 መሠረት ለመስታወቱ አትጠየቅም። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ «አናጺ» የሚለው ስም ብቻ አይበቃም። በየቀኑ ሱቁ ውስጥ በእሷ ትእዛዝ የሚሠራ ቢሆን መልሱ ይገለበጥ ነበር።

ጥያቄው ጋሪውን የመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳቱን ያደረሰው የጭነት መኪና ቢሆን ባለቤቷ በአንቀጽ 2081 በቀጥታ ትጠየቅ ነበር፤ ሾፌሩ ከመንገድ ወጣ አልወጣ የሚለው ክርክርም ለተጎጂዋ አስፈላጊ አይሆንም።

ከፈተና ውጭ እንዲህ ያለ ጉዳት ደርሶብዎ ከሆነ ግን ጊዜውን ያስቡ፤ ካሣ የመጠየቂያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው።