«ወራሽ ነኝ» ወይስ «ተጠቃሚ ነኝ»?

ጎረቤቴ ባለቤቷን ከቀበረች ሁለተኛ ወሯን ስትይዝ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ከወረቀቱ ላይኛው ፍርድ ቤት በር ላይ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ያዘጋጀላት ደብዳቤ ነበር። ለሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ የተጻፈ ነው። ቁም ነገሩ ያለው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የሟች ባለቤቴ ሕጋዊ ወራሽ በመሆኔ የኢንሹራንስ ገንዘቡ እንዲከፈለኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» ኩባንያው ይህን ተቀብሎ በሳምንቱ መልስ ሰጥቷታል፤ እንግዲያውስ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አምጪ የሚል።

ኩባንያውን መውቀስ ከባድ ነው። የጠየቃት ራሷ ነኝ ያለችውን እንድታረጋግጥ ነው። ችግሩ ግን ልታረጋግጠው የማትችለው ነገር መሆኑ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ኑዛዜ ያልተወ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ልጆች ከሌሉ ወላጆቹ፣ ከዚያም ሌሎች ዘመዶች ይከተላሉ። ሚስት ከዚህ ሰልፍ ውስጥ የለችም። የእሷ መብት ከጋራ ንብረቱ ግማሹ ነው፤ እሱም ውርስ ሳይሆን ዱሮም የራሷ የሆነው ነው። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። ሃያ ዓመት አብራ የኖረች ሚስት እንዴት ወራሽ አትሆንም ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ ነው፣ ኑዛዜ ካልተጻፈላት በቀር።

በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበር፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ያልጠየቃት። ባለቤቷ በ2006 ዓ.ም. የገባው የኢንሹራንስ ውል፣ በተለምዶ ፖሊሲ የምንለው። መጨረሻው ገጽ ላይ ተጠቃሚዎች በሚለው ሠንጠረዥ ሦስት ሰዎች ተጽፈዋል፤ ሚስት 50 በመቶ፣ ሁለቱ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 25 በመቶ። የውሉ መጠን 400 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ የእሷ 200 ሺህ፣ የልጆቹ መቶ መቶ ሺህ ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 827 የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል። ሟች የኢንሹራንስ ገንዘቡን ማን እንደሚወስድ ካልወሰነ፣ ወይም ዝም ብሎ «ለወራሾቼ» ብሎ ካለፈ፣ ገንዘቡ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል። ተጠቃሚውን ለይቶ ከወሰነ ግን ገንዘቡ ውርስ ውስጥ አይገባም፤ ከኩባንያው በቀጥታ ወደ ተጠቃሚው ይሄዳል። ባለቤቷ ከትዳራቸው በፊት የወለደው የ22 ዓመት ልጅ አለው። ይህ ልጅ ወራሽ ነው፤ ከቤቱ የአባቱ ድርሻ ከወንድምና እህቱ እኩል ያገኛል። ስሙ ፖሊሲው ላይ ስለሌለ ግን ከ400 ሺህው አይደርሰውም። ፖሊሲው ተጠቃሚ ባይኖረው ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ገንዘቡ ለሦስቱ ልጆች ይከፋፈላል፣ ለእናትየው በወራሽነት የሚደርሳት አንድም ሳንቲም አይኖርም።

ስለዚህ የደብዳቤው ሥራ ማልቀስም መለመንም አይደለም። እኔ በዚህ ቁጥር ውል ላይ ስሜ የተጻፈ ሰው ነኝ፣ ውሉን የገባው ሰው ሞቷል፣ ሁለቱንም የሚያሳየው ወረቀት ይኸው ማለት ነው። አንድ ላይ ቁጭ ብለን እንዲህ ብለን ጻፍነው።

«መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.
ለ… ኢንሹራንስ፣ የሕይወት መድን ክፍል፣ አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ በፖሊሲ ቁጥር … የሞት ክፍያ መጠየቅን ይመለከታል

ባለቤቴ አቶ … ከላይ በተጠቀሰው ፖሊሲ መድን ገብቶ ሳለ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። በፖሊሲው የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ እኔ በ50 በመቶ፣ ልጆቻችን … እና … ደግሞ ለእያንዳንዳቸው በ25 በመቶ ተጠቃሚ ሆነን ተመዝግበናል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሟች ይህን ስያሜ አልለወጠም፤ ፖሊሲውንም ለብድር መያዣ አላደረገም። በመዝገባችሁ ያለው የመጨረሻ ስያሜ ይኸው መሆኑን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።

በፖሊሲው ላይ የተጻፈው ስሜና በመታወቂያዬ ላይ ያለው ስም የሁለቱም ባለቤት እኔው ነኝ፤ ማስረጃው ተያይዟል። ድርሻዬን በራሴ ስም፣ የልጆቼን ድርሻ በሞግዚትነት እጠይቃለሁ። የጎደለ ሰነድ ካለ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ እንድትገልጹልኝ አመለክታለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

ከሥር አባሪዎቹ በተራ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ስንት ገጽ እንደሆነ ጭምር ተጻፈ። «የመጨረሻ ስያሜ» ያልነው በከንቱ አይደለም። ሰው ውሉን ከገባ በኋላ ተጠቃሚውን ሊቀይር ይችላል፤ የቀየረበት ወረቀት ቤት ውስጥ ላይኖር፣ ኩባንያው ፋይል ውስጥ ግን ሊኖር ይችላል። ባንክ ለቤት ብድር ሲሰጥ ፖሊሲው በስሙ እንዲዛወር የሚጠይቅበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ መጀመሪያ የሚከፈለው ባንኩ ነው። በየሠንጠረዡ ሲደጋገም የሚታየው መራራ ነገር ደግሞ የቀድሞ ሚስት ስም ሳይነሳ መቅረቱ ነው። ውሉ ላይ በስም የተጻፈች ሌላ ሴት ካለች፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻውን አሁን ያለችውን ሚስት ተጠቃሚ አያደርጋትም፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በስም ፋንታ «ባለቤቴ» ተብሎ ከተጻፈ ግን የጋብቻ ወረቀቱ ዋናው ማስረጃ ይሆናል። ወረቀቱ ከሌለም በር አይዘጋም፤ የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸውንና ቤተሰብም ጎረቤትም እንደዚያ ያያቸው እንደነበር በምስክር ማስረዳትን ይፈቅዳል።

ከሰነዶቹ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሆስፒታል የሞተ ሰው ከሆነ መጀመሪያ ከሆስፒታሉ የሞት ማስረጃ ይወጣል፣ ያንን ይዞ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይኬዳል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ አርባው ሲወጣ ብሎ ካቆየው ቀኑ ያልፍና ተጨማሪ ጥያቄ ይመጣል። ኢንሹራንሱ ሁለቱንም ወረቀት ይፈልጋል። የወሳኝ ኩነቱ ሰውዬው መሞቱን ያሳየዋል፣ የሆስፒታሉ በምን እንደሞተ ይነግረዋል። በአደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት ይጨመራል።

ኩባንያው የሞቱን ምክንያት የሚፈልገው ሟች ውሉን ሲገባ ከሞላው የጤና መጠይቅ ጋር ሊያስተያየው ነው። በዚያ ጊዜ እያወቀ የደበቀው ሕመም ካለ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። የማመልከቻ ጸሐፊው ደብዳቤ «ለረጅም ዓመታት በልብ ሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ» ይል ነበር። ለምን እንዲህ ተባለ ብዬ ስጠይቃት፣ «እንዲያዝኑልኝ ነዋ!» አለችኝ። ሰውዬው ግን ልቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2014 ነበር፣ ውሉ ከተገባ ከስምንት ዓመት በኋላ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብትገባ ኖሮ ያልነበረ ጥርጣሬ ትቀሰቅስ ነበር። እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም፤ ሕመሙን ሐኪሙ ይጻፈው፣ ሚስትየዋ የሞቱን ቀን ትጻፍ።

ሌላው ጣጣ ስምና የልደት ዘመን ነው። ጎረቤቴ ፖሊሲው ላይ የተመዘገበችው ሰፈሩ ሁሉ በሚጠራት የቤት ስሟ ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። ለዚህ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አወጣች። የልደት ዘመን ነገር ይበልጥ ያሳስታል። ባለቤቷ የተወለደው በ1962 ዓ.ም. ነው። ይህ ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር በሚሞላ ፎርም ላይ ሳይቀየር ከገባ፣ ሰውዬው በወረቀት ስምንት ዓመት ያህል ያረጃል። የሚከፍለው አረቦን የሚሰላው በዕድሜው ስለሆነ ልዩነቱ ሲገኝ ፋይሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። የእሱ በትክክል 1970 ተብሎ ተሞልቶ ነበር፤ እኛ በደብዳቤያችን ላይ ሁሉንም ቀን «ዓ.ም.» እያልን ለይተን ጻፍን።

ዋናውን ፖሊሲ ኩባንያው በመጨረሻ ይረከበዋል። ከመስጠቷ በፊት እያንዳንዱን ገጽ፣ ጀርባውንም ጨምሮ ፎቶ ኮፒ አደረገች። ሌላውን ዋናውን አሳይታ ኮፒውን ሰጠች። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛ ሄዳ፣ አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እንዲመታላት አደረገች። ይህ ቅጂ ተራ ነገር ይመስላል። የንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ የገንዘብ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል፤ ክርክር ቢነሳ መቼ እንደጠየቀች የሚያሳይላት ያ ማኅተም ነው። ማኅተሙ ግን ለዘላለም አይጠብቃትም። ኩባንያው ነገ ዛሬ እያለ ካጓተታት፣ ከሁለቱ ዓመት በፊት ክስ መመሥረት ይኖርባታል።

የልጆቹ ድርሻ ግን እንደሷው በደብዳቤ ብቻ አላለቀም። አንድ ወላጅ ሲሞት በሕይወት ያለው ብቻውን ሞግዚት እንደሚሆን የቤተሰብ ሕጉ ይናገራል፤ ቢሆንም ኩባንያው ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማረጋገጫ ጠየቀ። ይህን ፍርድ ቤት ጠይቃ አወጣች። በዚያው ሰሞን የወራሽነት ማረጋገጫም ወጣ፣ በሦስቱ ልጆች ስም፤ የቤቱን ካርታ ጉዳይ ለመጨረስ አስፈልጎ ነበር። ኢንሹራንሱ ግን ያንን ወረቀት ዳግመኛ አልጠየቃትም።

የእሷ 200 ሺህ ብር በሰኔ ወር ሂሳቧ ውስጥ ገባ። የልጆቹ መቶ መቶ ሺህ በየስማቸው በተከፈተ ሂሳብ ተቀምጧል፤ የትልቁ 18 ዓመት የሚሞላው በ2018 ነው።