16 ጊጋባይት ይበቃል ወይ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፑን አቅፎ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ራሙ አልበቃውም። ሱቅ ብወስደው 32 ካልሆነ ለአዲሶቹ ጌሞች አይሆንም አሉኝ» አለኝ። ማስረጃውን ይዞ ነው የመጣው፤ ጌሙ ተከፍቶ ሚሞሪው 97 በመቶ ተይዟል ይላል። የሚጫወተው ሰፊ ዓለም ያለው፣ በፈረስ ከአገር አገር የሚኬድበት ጌም ነው። ሜዳው ላይ ሲጋልብ ደህና ይሄዳል፤ ከተማ ሲገባ ግን ስታክ ያደርጋል፤ ምስሉ ለአፍታ ቀጥ ብሎ መልሶ ይሮጣል። ከጌሙ ጀርባ ደግሞ ከሃያ በላይ ታብ ያለው ብራውዘርና ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራበት የድምፅ ፕሮግራም ክፍት ናቸው።

ያ 97 በመቶ ያስደነግጣል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ራምን እንደ አንድ ሰፈር ሱቅ መደርደሪያ አስቡት። መደርደሪያው ጢም ብሎ ስለሞላ ሱቁ አይዘጋም፤ ደንበኛው የሚጠይቀው ዕቃ እጅ ሥር እስካለ ድረስ ሽያጩ ይቀጥላል። ችግሩ የሚጀምረው የተጠየቀው ዕቃ ቦታ አጥቶ ወደ ሩቅ መጋዘን የተላከ እንደሆነና በየጊዜው ልጅ ተልኮ የሚመጣ ሲሆን ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት የተከፈተና ማንም ያልነካው ታብ ወደ መጋዘን ቢሄድ አይታወቅም። ጌሙ አሁኑኑ የሚፈልገው የከተማ ግድግዳ ቢሄድ ግን ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ስንት ተሞላ?» ሳይሆን «በጨዋታ መሃል ልጁ ስንቴ ተላከ?» የሚለው ነው።

መጋዘኑ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ዕቃው ራም ላይ ካለ ፍለጋው ጊዜ የሚባል ነገር አይወስድም። ወደ አሮጌው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከተላከ ግን አንዱ ምልልስ ብቻ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ሁለት ምልልስ ማለት አንድ ምስል ከሰመ ማለት ነው። ኤስኤስዲ ከዚህ መቶ እጥፍ ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ ያው እጥረት ኤስኤስዲ ባለው ኮምፒውተር ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ሲሆን ሃርድ ዲስክ ብቻ ባለው ላይ ጌሙን ጨርሶ የማይጫወቱት ያደርገዋል።

ታዲያ የጌም አውጪዎቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? ባልዱርስ ጌት 3 የሚመክረው 16 ጊጋባይት ነው። ሆግዋርትስ ሌጋሲ ለተለመደው ጨዋታ 16፣ ለከፍተኛው የምስል ጥራት 32 ይላል። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ደግሞ 16ን ዝቅተኛው አድርጎ 32ን ይመክራል። እነዚህ ቁጥሮች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ነገር ግን እናንተ ጎን ለጎን የምትከፍቱትን ብራውዘርና ቪዲዮ አይቆጥሩም። ያን ሒሳብ መሥራት የባለቤቱ ድርሻ ነው።

እኛም ሠራነው። መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፍተን አስነሳንና ምንም ሳንከፍት አየን፤ ዊንዶውስ ሲነሳ አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች ጋር 3.5 ጊጋባይት ገደማ ይዟል። ብራውዘሩ ከነታቦቹ 3 ጨመረ። የድምፅ ፕሮግራሙና ጌሙ የሚነሳበት መደብር ለየራሳቸው ግማሽ ግማሽ ወሰዱ። ጌሙ ሳይነሳ 7.5 አለቀ ማለት ነው። ጌሙ ደግሞ ከተማ ውስጥ ሲሆን ብቻውን 9.5 ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 17 ነው፤ ላፕቶፑ ያለው ግን ወደ 16 የተጠጋ ነው። ትርፉ የት ሄደ? ወደ መጋዘን።

ይህን ለማረጋገጥ የሚከፈል ነገር የለም። Ctrl + Shift + Esc ሲጫኑ የሚመጣው መስኮት ላይ Performance፣ ከዚያም Memory የሚለውን መክፈት ነው። እዚያ ካሉት ቁጥሮች ሁለቱ ይበቃሉ። Available የሚለው አሁን ለሚጠይቅ ፕሮግራም በቶሎ ሊሰጥ የሚችለው ነው። ዊንዶውስ ለነገ ይጠቅማል ብሎ ያስቀመጠውን፣ ሲጠየቅ የሚለቀውንም ይጨምራል። በእኔ ልምድ፣ በጨዋታ መሃል ከ1.5 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ጭንቀት የለም፤ ከግማሽ ጊጋባይት በታች ከወረደ እጥረት አለ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ 0.4 ነበር።

ሁለተኛው Committed ነው። ይህ ፕሮግራሞቹ ሁሉ «ይያዝልኝ» ያሉት ድምር ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይጠቀሙበት ከራሙ ቢበልጥ አይገርምም። የእሱ 21.5/23.9 ይላል። የቀኙ ቁጥር ራሙና ዲስክ ላይ ለመጋዘንነት የተያዘው 8 ጊጋባይት ፋይል ሲደመሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋች የሚሳሳትበት ነገር አለ። ያን ፋይል ማጥፋት ጌም ያፈጥናል የሚል ወሬ ሰምቶ ያጠፋዋል። ቢያጠፋው ኖሮ የቀኙ ቁጥር ወደ 15.9 ይወርድ ነበር፤ 21.5 ደግሞ እዚያ ውስጥ አይገባም። ያኔ ጌሙ ስታክ ማድረጉን ትቶ ራሙ ገና ሳይሞላ ድንገት ይዘጋል። ሰውየውም «ቦታ እያለው ለምን?» ብሎ ይገረማል።

የተላላኪውን ልጅ እግር የምናየው ግን በሌላ መስኮት ነው። በStart ላይ ይህን ጽፎ መክፈት፦

```
resmon
```

Memory በሚለው ገጽ Hard Faults/sec የሚል ግራፍ አለ። ስሙ «ስህተት» ቢመስልም የተበላሸ ነገር የለም፤ የተፈለገው ነገር ራም ላይ ታጥቶ ከዲስክ የመጣበት ብዛት ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫውታችሁ፣ ስታክ እንዳደረገ Alt + Tab ብላችሁ ውጡና ያለፈውን አንድ ደቂቃ ተመልከቱ። ስትወጡ የተነሳውን የመጨረሻ ተራራ አትቁጠሩት፤ መውጣቱ ራሱ ያመጣዋል። ጌሙ አዲስ ምዕራፍ ሲጭን የሚነሳውም የተለመደ ነው። የሚያሳስበው በተራ ጨዋታ መሃል ከእያንዳንዱ ስታክ ጋር አብሮ የሚነሳው ነው። የእኛ ግራፍ ከተማው በር ላይ በደረስን ቁጥር በመቶዎች ይዘል ነበር።

አሁንም ቢሆን አንድ ሌላ ተጠርጣሪ አለ። አዳዲስ ጌሞች አንድን ቦታ መጀመሪያ ሲያሳዩ ለግራፊክስ ካርዱ ትእዛዞቹን ያዘጋጃሉ፤ ይህም ስታክ ያስደርጋል፤ ከራም ጋር ግን ግንኙነት የለውም። መለያው ቀላል ነው፤ በዚያው መንገድ ሁለቴ ሂዱ። በሁለተኛው ጊዜ ከለሰለሰ የዝግጅቱ ጉዳይ ነበር። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደመጀመሪያው ከሆነ፣ እንዲያውም በተጫወታችሁ መጠን ከባሰ፣ ራሙን ጠርጥሩ። እኛ በከተማው በር አራት ጊዜ ገባን፤ አራቱንም ጊዜ ቆመ።

ስለዚህ እጥረቱ እውነት ነው፤ ሱቅ ያሉት ሰዎች ዋሽተዋል አልልም። ግን እጥረቱ አንድ ጊጋባይት ከመንፈቅ ነው እንጂ 16 አይደለም። ታቦቹን ዘግተን የጌሙን መምሪያ የያዘውን አንዱን ብቻ ተውን፤ ብራውዘሩ ወደ 0.7 ወረደ። ከዊንዶውስ ጋር ሳይጠየቁ ከሚነሱት ፕሮግራሞች ግማሾቹን Startup apps ከሚለው ገጽ አጠፋን፤ 3.5 የነበረው 2.8 ሆነ። ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራበትን አልነካንም። ድምሩ 14 ላይ ቆመ፤ Available ወደ 1.9 ወጣ። ከተማው በር ላይ ግራፉ ተኛ፤ ፈረሱም ሳይደናቀፍ ገባ።

የግራፊክስ ካርዱንም ሳናይ አላለፍንም። በዚያው Performance ገጽ GPU በሚለው ሥር Dedicated GPU memory የካርዱ የራሱ ሚሞሪ ነው፤ Shared GPU memory ደግሞ ሲሞላበት ከራም የሚበደረው። 6 ጊጋባይት ያለው ካርድ ላይ የምስል ጥራቱን እስከ ጣሪያው ያደረሰ ተጫዋች ብድሩ ሁለት ጊጋባይት ሊደርስበት ይችላል። ያ ሰው ራም ቢጨምር እፎይታው ግማሽ ነው፤ የተበደረው ሚሞሪ ለካርዱ በጣም ቀርፋፋ ነውና። ለእሱ የሚበጀው Texture quality የሚለውን አንድ ደረጃ ማውረድ ነው፤ ካርዱም ራሙም አብረው ይተነፍሳሉ። ለብቻው ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ደግሞ ሁልጊዜ ከራሙ ስለሚበላ 16 የተባለው ለጌሙ 16 ሆኖ አይደርስም።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ነው። ጌሙ የሚመክረው 16 ከሆነ፣ ጎን ለጎን የሚከፈቱት የድምፅ ፕሮግራምና ጥቂት ታቦች ከሆኑ፣ 16 ይበቃል። ጌሙ ራሱ 32 የሚመክር ከሆነ ወይም እየተጫወታችሁ ቀርጻችሁ በቀጥታ የምታስተላልፉ፣ ብራውዘሩንም መዝጋት የማትችሉ ከሆነ አይበቃም፤ ታብ መዝጋቱ ከአንድ ወር በላይ አያቆያችሁም።

የእህቴ ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ቀረው። «ታዲያ ጭራሽ አልግዛ?» አለኝ። Memory ገጹን መልሼ ከፈትኩለትና Slots used የሚለውን አሳየሁት፤ 1 of 2 ይላል። አንዱ ማስገቢያ ባዶ ነው። ስለዚህ የሚገዛ ቀን ያለውን አውልቆ መጣል አያስፈልገውም፤ አምሳያው የሆነ 16 ጨምሮ 32 ማድረግ ይችላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ደግሞ ከአንዱ የበለጠ ይፈጥናሉ። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስለናረ ግን ቀኑን መምረጡ ያዋጣል። ከሱቁ የመጣበትን ዋጋ የጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ፈረሱ ላይ ተመልሶ ወጣ።